አዲስ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገበያ ሳይወጣ በፊት፦ የብልሽት ትንተና አሠራር

አዲስ የኤሌክትሪክ ምጣድ ልትሠሩ ነው እንበል። ሸክላው 58 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። ከሥሩ በተቀረጸው ቦይ ውስጥ ሬዚስታንሱ ተጠምዝዞ ገብቷል። ዙሪያው ላሜራ ነው፣ ገመድና ስፒና አለው። ኃይሉ 3,500 ዋት ነው። የመጀመሪያው ናሙና ዓይኑ የሚያምር እንጀራ አወጣ። ሁሉም ደስ አለው። "ታዲያ መቼ ነው መሸጥ የምንጀምረው?" የሚል ጥያቄ መጣ።

ናሙናው የሚነግራችሁ አንዴ እንደሠራ ብቻ ነው። አምስት መቶ ቤት ገብቶ በየሳምንቱ ሲጋገርበት ምኑ ቀድሞ እንደሚበላሽና ሲበላሽ ማንን እንደሚጎዳ አይነግራችሁም። ይህን አስቀድሞ ወረቀት ላይ መፈለጊያ ዘዴ አለ። ኤፍኤምኢኤ ይባላል። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1949 መመሪያ አድርጎ አወጣው። ከዚያ ወደ ጠፈር ጉዞ፣ ቀጥሎም ወደ መኪና ፋብሪካዎች ተዛመተ። ለምጣድም ይሠራል። እንዲያውም ለምጣድ ጥሩ ነው፤ ክፍሎቹ ጥቂት ስለሆኑ አንድ ሰው ከዳር እስከ ዳር ሊያስባቸው ይችላል።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ሊበላሽ የሚችለውን ትዘረዝራላችሁ። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 10 ሦስት ነጥብ ትሰጣላችሁ። አንደኛው ክብደት ነው፤ ብልሽቱ ቢደርስ ምን ያህል ይጎዳል? ሁለተኛው ድግግሞሽ ነው፤ መንስኤው ምን ያህል ጊዜ ያጋጥማል? ሦስተኛው ስውርነት ነው፤ ምጣዱ ከእጃችን ሳይወጣ ብልሽቱን የመያዝ ዕድላችን ምን ያህል ትንሽ ነው? በሦስቱም 10 መጥፎ፣ 1 ጥሩ ነው። ከዚያ የሚያሳስበውን ትለያላችሁ፣ ታስተካክላላችሁ፣ ደግማችሁ ነጥብ ትሰጣላችሁ።

ችግሩ ያለው ነጥብ አሰጣጡ ላይ ነው። ሠንጠረዡ በደንብ ተሞልቶ፣ ቁጥሮቹ ግን ከሐሳብ ይልቅ ከስሜት የመጡበት ወረቀት ብዙ ነው። ስለዚህ እዚያ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

አንደኛ፦ ድንበር ማስመርና ሰው መሰብሰብ

ትንተናው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ለእኛ ምጣድ "ከግድግዳው ሶኬት ጀምሮ እንጀራው እስኪነሣ ድረስ" ማለት ይበቃል። የቤቱ መስመር ዝርጋታ የእኛ ሥራ አይደለም። ስፒናችን ሶኬቱን የሚነካበት ቦታ ግን የእኛ ነው። እንደዚህ ያሉ መገናኛዎች "የእኛ አይደለም" ተብለው የሚዘለሉ ናቸው፤ ጣጣው ግን ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከእነሱ ነው።

ከዚያ አምስት ሰው ያህል አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጡ። ንድፉን የሠራው ሰው፣ ሸክላውን የምታቀርበው ባለሙያ፣ ገጣጣሚው፣ ምጣድ የሚጠግን ሰው፣ እንዲሁም በየቀኑ የምትጋግር ሴት። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን እንዳትተዉ። ጠጋኙ የሌሎችን ምጣዶች ሬሳ አይቷል። ጋጋሪዋ ደግሞ ንድፍ አውጪው ያላሰበውን ታውቃለች፦ ሊጥ በሸክላውና በላሜራው መሐል እንደሚፈስ፣ ምጣዱ በገመዱ እየተጎተተ ቦታ እንደሚቀይር፣ ስፒናው በእርጥብ እጅ እንደሚነቀል።

ሁለተኛ፦ ሥራውን በልክ መጻፍ

"እንጀራ ይጋግራል" የሚለው አይበቃም። ልክ ከሌለው መበላሸቱንም ማወቅ አይቻልም። እንዲህ ብትጽፉት ይሻላል፦ የሸክላው ፊት ከመሐል እስከ ዳር ከ180 እስከ 220 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል። የሬዚስታንሱ መጠን በ220 ቮልት 13.8 ኦም ያህል ነው፤ ይህም ወደ 15.9 አምፔር ይስባል። ላሜራው በምንም ሁኔታ ኮረንቲ አይዝም።

የመጨረሻው ሥራ እንደሆነ ብዙዎች ይረሳሉ። ምጣዱ እንጀራ ከመጋገር ሌላ ሰው አለመንዘር የሚባልም ሥራ አለው። ካልተጻፈ ብልሽቱም ሠንጠረዡ ውስጥ አይገባም።

ሦስተኛ፦ ብልሽት፣ ጉዳት፣ መንስኤ

እያንዳንዱን ሥራ ወስዳችሁ "እንዴት ሊቀር ይችላል?" ብላችሁ ጠይቁ። ሙሉ በሙሉ ሊቀር፣ በከፊል ሊቀር፣ ወይም አንዴ እየመጣ አንዴ ሊጠፋ ይችላል። ይህ ብልሽቱ ነው። ከብልሽቱ ወደፊት ስትሄዱ ጉዳቱን ታገኛላችሁ፤ ወደ ኋላ ስትሄዱ መንስኤውን።

ሦስቱ ሲደባለቁ ነጥቡም ይደባለቃል። "ስፒና መቅለጥ"ን ለብቻው ጽፎ ማለፍ የተለመደ ነው። በሰንሰለት ስትጽፉት ግን እንዲህ ይሆናል። መንስኤ፦ የሶኬቱ ከንፈር ላልቶ ንክኪው ደካማ ሆኗል። ብልሽት፦ ስፒናው ከመጠን በላይ ይግላል። ጉዳት፦ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ እሳት ሊነሣ ይችላል።

እዚህ ጋ ትንሽ ስሌት ይረዳል። የላላ ንክኪ 0.1 ኦም ብቻ ቢጨምር፣ በ15.9 አምፔር ስፒናው ውስጥ 25 ዋት ያህል ሙቀት ይፈጠራል። ያ ሁሉ ሙቀት በአንድ አውራ ጣት በምታህል ቦታ፣ በፕላስቲክ ውስጥ፣ ለአንድና ለሁለት ሰዓት ይቀመጣል። ስፒና ለምን እንደሚጠቁር አሁን ገባን። 25 ዋት ለአምፑል ትንሽ ነው፣ ለስፒና ግን ብዙ ነው።

ለአንድ ብልሽት ሁለትና ሦስት መንስኤ ካለ፣ ለእያንዳንዱ መንስኤ የራሱን ረድፍ ስጡት። ክብደቱ አንድ ዓይነት ይሆናል፤ ድግግሞሹና ስውርነቱ ግን ይለያያል። ይህን በምሳሌ ወደ በኋላ እናየዋለን።

አራተኛ፦ ክብደት

ነጥብ ከመስጠታችሁ በፊት የመለኪያውን ትርጉም በራሳችሁ ምርት ቋንቋ ጻፉ። ለምጣድ ይህን መጠቀም ይቻላል፦

- 10፦ ሳያስጠነቅቅ ሰው ይገድላል ወይም ክፉኛ ይጎዳል
- 9፦ ሰው ሊጎዳ ይችላል፣ ግን እንደ ሽታ ወይም ጭስ ያለ ምልክት ይቀድመዋል
- 8፦ ምጣዱ ጨርሶ አይሠራም
- 7፦ ይሠራል፣ እንጀራው ግን ይበላሻል
- 5 እና 6፦ ይጋግራል፣ ጋጋሪዋን ግን ያማርራል
- ከ2 እስከ 4፦ መልክ፣ ድምፅ፣ ጥቃቅን ነገር
- 1፦ ማንም አያስተውለውም

ክብደት የሚሰጠው ለጉዳቱ ነው። "አይደርስም እኮ" የሚለው ክርክር እዚህ ቦታ የለውም፤ እሱ የድግግሞሽ ጉዳይ ነው። "ፈትሸን እንይዘዋለን" የሚለውም የስውርነት ነው። ክብደት ላይ ስትሆኑ ነገሩ እንደደረሰ አድርጋችሁ አስቡ።

ከሁሉ የሚያሳስተው የመሬት ሽቦው ነው። የመሬት ሽቦ ከላሜራው ቢላቀቅ በዚያ ቀን ምን ይሆናል? ምንም። እንጀራው ይጋገራል፣ መብራቱ አይጠፋም፣ ማንም አያውቅም። ስለዚህ አንዱ "ክብደቱ 1 ነው" ይላል። ሌላው ደግሞ "ከስድስት ወር በኋላ ሸክላው ተሰንጥቆ ሊጥ ወደ ሬዚስታንሱ ቢወርድስ?" ይላል። ያን ቀን ላሜራው ኮረንቲ ይይዛል። የመሬት ሽቦው ቢኖር ኮረንቲውን ወደ መሬት ወስዶ ብሬከሩን ያስመታ ነበር። እሱ ከሌለ ግን በሰው በኩል ያልፋል። ሰውየው ደግሞ እጁ ሊጥ የነካ፣ እርጥብ ወለል ላይ የቆመ ነው።

የመሬት ሽቦ ሥራው የሚታየው ሌላ ነገር ሲበላሽ ነው። እንዲህ ላለ መከላከያ ክብደት የምትሰጡት የሚከላከለው ነገር ቢመጣ በሚደርሰው ጉዳት ነው። ለዚህ 10 ይገባዋል። ኤፍኤምኢኤ በተፈጥሮው ብልሽቶችን አንድ በአንድ የሚያይ ስለሆነ፣ የሁለት ብልሽት መገጣጠምን በቀላሉ ያመልጠዋል። ስለዚህ ተኝተው የሚቆዩ መከላከያዎችን ሆን ብላችሁ ፈልጓቸው፦ የመሬት ሽቦ፣ ፊውዝ፣ የሙቀት መቁረጫ።

አምስተኛ፦ ድግግሞሽ

ድግግሞሽ የሚሰጠው ለመንስኤው ነው። በመኪና ኢንዱስትሪ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው መለኪያ ከአሥር አንዱ ቢበላሽ 10፣ ከ50 አንዱ 8፣ ከ100 አንዱ 7፣ ከ500 አንዱ 6፣ ከ2,000 አንዱ 5፣ ከ10,000 አንዱ 4 ይላል። ወደ ታች እየወረደ ይሄዳል።

አሁን ራሳችሁን ጠይቁ። በዓመት ጥቂት መቶ ምጣድ የሚሠራ ወርክሾፕ "ከ10,000 አንድ" ማለትን በምን ያውቀዋል? አያውቀውም። እንዲያውም 300 ምጣድ ሠርታችሁ አንድም ባይበላሽ እንኳ፣ በ95 ከመቶ እርግጠኝነት ልትሉ የምትችሉት "ብልሽቱ ከመቶ አንድ አይበልጥም" ብቻ ነው። በመለኪያው ላይ ያ 7 ነው። ሦስት መቶ ንጹሕ ምጣድ 7 ብቻ መሆኑ ያናድዳል፣ ግን ሒሳቡ ይኸው ነው።

ለአዲስ ምርት ደግሞ ጭራሽ ታሪክ የለም። ስለዚህ ቅርብ ዘመዱን ፈልጉ። ጠጋኙን ባለፈው ዓመት ከመጡለት ምጣዶች ስንቱ በስፒና፣ ስንቱ በሬዚስታንስ፣ ስንቱ በሸክላ እንደመጣ ጠይቁት። ደብተር ከሌለው ከማስታወሱ ይናገር፤ ከግምታችሁ ይሻላል። እናንተ ቀድሞ የሸጣችሁት ምጣድ ካለ ደግሞ የተመለሰውን ቁጠሩ። ከ400 ውስጥ 8ቱ በስፒና ተመልሰው ከሆነ ያ ከ50 አንድ ነው፤ 8 ትሰጡታላችሁ።

ከ7 በታች መውረድ የምትችሉት በንድፍ ምክንያት ነው። "ብሎኑ የተበየደ ስለሆነ አይዞርም" ምክንያት ነው። "ልጆቹ ጠንቃቃ ናቸው" ምክንያት አይደለም። ምክንያታችሁን ከቁጥሩ አጠገብ በአንድ መስመር ጻፉት። መጻፍ ካቃታችሁ ቁጥሩን ወደ 7 መልሱት።

ስድስተኛ፦ ስውርነት

የእንግሊዝኛ ሰነዶች ይህን ነጥብ ዲቴክሽን ይሉታል። ከፍ ያለ ቁጥር መጥፎ መሆኑ ብዙ ሰው ያምታታል፤ ጎበዝ ፍተሻ ስላለን 9 እንስጠው የሚል አይጠፋም። 10 ማለት ምንም ፍተሻ የለንም፣ በጨለማ እንልካለን ማለት ነው። 7 ማለት በዓይን ብቻ እናያለን። 5 አካባቢ በእጅ መሣሪያ እንለካለን። 3 ማለት እያንዳንዱ ምጣድ በቁጥር ወሰን ያለው ፍተሻ ያልፋል። 1 የሚሰጠው በንድፉ ምክንያት ብልሽቱ ሊፈጠር በማይችልበት ጊዜ ብቻ ነው።

ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ ደንበኛዋ ብልሽቱን ማየቷ አይቆጠርም። "ስፒናው ሲሸት ታውቀዋለች" የሚለው ክብደቱን ከ10 ወደ 9 ሊያወርድ ይችላል፣ ስውርነትን ግን አይነካም። ሁለተኛ፣ ፍተሻው ያንኑ መንስኤ መያዝ አለበት። ጥሩ ፍተሻ ለሌላ ብልሽት ቢሆን ለዚህኛው ዜሮ ነው።

ወደ መሬት ሽቦው እንመለስ። አንድ ቡድን ሲሞላው እንዲህ ይላል፦ "እያንዳንዱን ምጣድ በቴስተር እንነካዋለን። ቢፕ ካለ የመሬት ሽቦው ተያይዟል። ስውርነት 2።" ደስ ይላል። ግን ቴስተር ቢፕ ለማለት የሚልከው ጅረት በጣም ጥቂት ነው። የመሬት ሽቦው ከክሮቹ አንዷ ብቻ ብትነካም ቢፕ ይላል። ከሮንዴላው ሥር ያለው ቀለም በአንዲት ነጥብ ተፍቆ ቢነካም ቢፕ ይላል። ያ ንክኪ እውነተኛ ኮረንቲ ሲመጣበት አይችልም፤ ክሯ ነድዳ ትበጠሳለች።

እውነተኛው ፍተሻ ዝቅ ባለ ቮልቴጅ፣ ከ12 ቮልት ባልበለጠ፣ 25 አምፔር ከስፒናው የመሬት ጫፍ እስከ ላሜራው ማሳለፍና የሚገኘውን ኦም ማንበብ ነው። ጤነኛ የሆነ ሁለት ሜትር ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ የመሬት ሽቦው 0.02 ኦም እንኳ አይሞላም። ወሰናችሁን 0.2 ኦም ብታደርጉ መጥፎው በግልጽ ይለያል። ይህ ፍተሻ ካለ 3 ይገባዋል። በቢፕ ብቻ ከሆነ 7 ነው።

አሁን ሁለተኛው መንስኤ ይመጣል። ቀለሙ የመጀመሪያ ቀን ችግር ነው። ብሎኑ በሙቀትና በቅዝቃዜ እየተላወሰ ከወራት በኋላ ሊላላስ አይችልም? ይችላል። ምጣድ በጋገረ ቁጥር ይግላል፣ ይቀዘቅዛል። የፋብሪካ በር ላይ የሚደረግ የ25 አምፔር ፍተሻ ይህን በጭራሽ አይዘውም፤ ያን ቀን ብሎኑ ጥብቅ ነው። ስለዚህ ለዚህ ረድፍ ስውርነቱ 9 ነው። ብልሽቱ አንድ፣ ክብደቱ አንድ፣ ረድፉ ሁለት፣ ስውርነቱ የተለያየ።

ሰባተኛ፦ ማባዛት፣ ከዚያም ማባዛቱን አለማመን

ሦስቱ ነጥቦች ሲባዙ የስጋት ቁጥር ይወጣል። ከ1 እስከ 1,000 ሊሆን ይችላል። የእኛ ወረቀት ከተስተካከለ በኋላ ይህን ይመስላል፦

| ብልሽትና መንስኤ | ክብደት | ድግግሞሽ | ስውርነት | ብዜት |
|---|---|---|---|---|
| መሬት ሽቦ አይነካም፣ ብሎኑ በሙቀት ላላ | 10 | 7 | 9 | 630 |
| ስፒና ይግላል፣ ሶኬቱ ላልቷል | 9 | 8 | 7 | 504 |
| መሬት ሽቦ አይነካም፣ ሥሩ ቀለም አለ | 10 | 7 | 7 | 490 |
| ሬዚስታንስ ይበጠሳል፣ ሲጎተት አንድ ቦታ ሳስቷል | 8 | 7 | 6 | 336 |
| የእንጀራው ዳር ይነጣል፣ ቦዩ በእጅ ተቀርጾ እኩል አይደለም | 7 | 7 | 3 | 147 |

የቀለሙን ረድፍ ተመልከቱት። ቡድኑ መጀመሪያ "ድግግሞሽ 4፣ ስውርነት 2" ብሎት ነበር እንበል። ብዜቱ 80 ይሆን ነበር። ዳሩ የነጣ እንጀራ በ147 ይቀድመው ነበር ማለት ነው። ሰው ሊገድል የሚችለው ወረቀቱ ታች ተቀምጦ፣ ሁሉም ስለ እንጀራ ዳር ሲከራከር ይውል ነበር። የተለወጠው ምጣዱ አይደለም፤ ሁለት ቁጥሮች ናቸው።

ብዜት ሌላም ጉድ አለው። 10 በ2 በ3 ስልሳ ነው። 3 በ4 በ5ም ስልሳ ነው። አንዱ ቀብር ሊያስከትል ይችላል፣ ሌላው የላሜራ መልክ ነው። ቁጥሩ ግን እኩል ይላቸዋል። በዚህ ምክንያት የአሜሪካና የጀርመን መኪና ኢንዱስትሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 በጋራ ባወጡት መመሪያ ብዜቱን ትተው ቅድሚያን በሠንጠረዥ ወደ መወሰን ሄደዋል። በዚያ አሠራር መጀመሪያ የሚታየው ክብደት ነው፣ ቀጥሎ ድግግሞሽ፣ መጨረሻ ስውርነት።

ለትንሽ ወርክሾፕ ያ ሠንጠረዥ ሊበዛ ይችላል። በእኔ አስተያየት ይህ ቀላል ደንብ ይበቃል፦ ክብደቱ 9 ወይም 10 የሆነ ሁሉ ብዜቱ ምንም ይሁን መጀመሪያ ይታያል። የቀረው በብዜቱ ይደረደራል። በኤክሴል ክብደት በ C፣ ድግግሞሽ በ D፣ ስውርነት በ E ካለ፦

```
=IF(C2>=9,"መጀመሪያ",IF(C2*D2*E2>=200,"ቀጥሎ","በኋላ"))
```

200 የሚለው የእኔ ምርጫ ነው፤ ለውጡት። ነገር ግን "ከ100 በታች ከሆነ ችግር የለም" የሚል ደንብ አታውጡ። ያ ደንብ በወጣ በሳምንቱ ቁጥሮች ይቀጥናሉ። 9 በ4 በ3 አንድ መቶ ስምንት ነበር፤ አንዱ 4ን 3 ያደርገውና 81 ይሆናል። ሥራው ሳይሠራ ወረቀቱ አረንጓዴ ይሆናል። ብዙ ረድፍ ልክ ከወሰኑ ሥር ተሰልፎ ካያችሁ ያን ነገር ጠርጥሩ።

ቡድኑ በነጥብ ካልተስማማስ? አማካይ አትውሰዱ። አንዱ 3 ሌላው 8 ካለ፣ 5.5 የማንም ሐሳብ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሁለቱ የሚያስቡት የተለያየ መንስኤ ነው። ረድፉን ክፈሉት። ከዚያም ካልተስማማችሁ ትልቁን ውሰዱና ወደ ፊት ሂዱ።

ስምንተኛ፦ እርምጃና ዳግም ነጥብ

እያንዳንዱ እርምጃ የትኛውን ቁጥር እንደሚነካ አስቀድማችሁ ተናገሩ። መንስኤውን የሚያጠፋ ድግግሞሽን ያወርዳል። ፍተሻ የሚጨምር ስውርነትን ያወርዳል። ክብደትን የሚያወርደው የንድፍ ለውጥ ብቻ ነው፣ እሱም ጉዳቱን ራሱን የሚቀይር ከሆነ። ከፍተሻ በፊት መንስኤ ማጥፋቱን ሞክሩ። ፍተሻ በየቀኑ የሚከፈል ዋጋ ነው፣ የሰነፈ ቀንም አለው።

ለቀለሙ ረድፍ፦ የመሬት ሽቦ ብሎኑን ላሜራው ሳይቀባ በፊት በየዱት፣ ሲቀባም ሸፍኑት። አሁን ቀለም ከሥሩ ሊገባ የሚችልበት መንገድ ጠቧል፤ ድግግሞሹ 4። እያንዳንዱ ምጣድ በ25 አምፔር ያልፋል፤ ስውርነቱ 3። ብዜቱ 120 ሆነ። ክብደቱ ግን ያው 10 ነው፣ ረድፉም "መጀመሪያ" እንደተባለ ይቆያል። እንዲያ ነው መሆን ያለበት።

ለላላው ብሎን፦ ስፕሪንግ ሮንዴላና ሁለተኛ ዳዶ ጨምሩ፣ ቦታውንም ከሸክላው ሥር ወደ ቀዝቃዛው ጥግ አውጡት። ከዚያ ናሙናዎችን ደጋግማችሁ አግሉና አቀዝቅዙ፣ መቶ ዙር ያህል፣ በመጨረሻም 25 አምፔር አሳልፉ። መቶ ዙር በሳምንት ሁለቴ ለምትጋግር ቤት አንድ ዓመት ያህል ነው። በእያንዳንዱ ምጣድ ላይ አይደረግም፤ ንድፉን ለመፈተን ነው። ይህ ፍተሻ ከመደረጉ በፊት ግን ነጥቡን አታውርዱ። እርምጃ ታስቧል ማለት እርምጃ ተወስዷል ማለት አይደለም፤ ቁጥር የሚቀየረው ውጤቱ ሲታይ ነው።

ለስፒናው ጉዳዩ ከበድ ይላል። የተለመደው ስፒናና ሶኬት 16 አምፔር ነው የሚችለው። እኛ 15.9 ላይ ቆመናል። የመስመሩ ቮልቴጅ ወደ 240 ቢወጣ 17.4 እንደርሳለን፤ ወሰኑን አለፍን። ስለዚህ ኃይሉን ወደ 3,000 ዋት ብናወርደውስ? ሬዚስታንሱ 16.1 ኦም ይሆናል፣ ጅረቱ 13.6 አምፔር። በ240 ቮልት እንኳ 15 አምፔር አይሞላም። ያ የ0.1 ኦም ንክኪ ደግሞ ከ25 ዋት ወደ 18.6 ይወርዳል። ከዚህ ጋር ናሙናውን ሆን ተብሎ በላላ ሶኬት ላይ ሰክታችሁ፣ የስፒናውን እግር ሙቀት በሙቀት መለኪያ ሽቦ ለአንድ ሰዓት ተከታተሉ። ድግግሞሹ 5፣ ስውርነቱ 4 ቢሆን ብዜቱ 180 ነው። የሰው ቤት ሶኬት መላላቱን ማስቆም ስለማንችል ከዚህ በታች አልወርድም።

ጋጋሪዋ ግን ወዲያው ትናገራለች፦ "እሱማ ቶሎ አይግልም።" ልክ ናት። አዲስ ብልሽት ተወለደ፦ ማሟሟቂያው ይረዝማል፣ ክብደት 6። ይህን ለማካካስ ከሸክላው ሥር የፋይበርግላስ ንጣፍ ብታስገቡ ሙቀቱ ወደ ታች አይባክንም። ጥሩ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ንጣፉ ሙቀቱን ሬዚስታንሱና ገመዱ በሚገናኙበት ቦታ ላይም ያከማቻል። ተራ የፒቪሲ ገመድ የሚችለው 70 ዲግሪ ነው። ከዚያ በላይ ሽፋኑ ይለሰልሳል፣ ሽቦው ይራቆታል፣ ላሜራውን ይነካል። እንደገና ክብደት 10። መፍትሔው ለዚያች አጭር ርቀት የሲሊኮን ሽፋን ያለው ሽቦ መጠቀም ነው፤ እስከ 180 ዲግሪ ይችላል። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ግማሽ ሜትር እንኳ አይሆንም።

ስለዚህ እርምጃ በወሰዳችሁ ቁጥር አዲስ ረድፍ ፈልጉ። የተጨመረው ነገር ራሱ እንዴት ይበላሻል? በአጠገቡ ያለውንስ ምን ያደርገዋል?

የሬዚስታንሱና የእንጀራው ዳር ረድፎች አጭር ናቸው። ሬዚስታንሱን በእጅ ከመጎተት ይልቅ በልኩ በተሠራ እንጨት ላይ ጎትቱት፣ ከዚያ ኦሙን ለኩ። ኦሙ ልክ ቢሆንም አንድ ቦታ ሳስቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ጨለማ ውስጥ አግላችሁ ከሌላው ይበልጥ የሚቀላ ነጥብ ካለ እዩ። የሳሳው እዚያ ነው። ለቦዩ ደግሞ ማተሚያ ቅርጽ አሠሩና ሸክላው ሳይደርቅ በፊት ይታተምበት።

ምጣዱ ገበያ ሲወጣ ወረቀቱን አትዝጉት። ለጠጋኞች የስልክ ቁጥር ስጡ። የመጀመሪያዎቹ ምጣዶች ሲመለሱ ድግግሞሹን በግምት ሳይሆን በቆጠራ ሙሉት። ወረቀቱ ላይ ጨርሶ የሌለ ብልሽት ከመጣ ረድፍ ጨምሩና በጎኑ ቀኑን ጻፉ። የስፒና ወይም የገመድ አቅራቢ ከቀየራችሁ፣ የሸክላው አፈር ከሌላ ቦታ መምጣት ከጀመረ፣ ያንን የሚነኩ ረድፎችን ብቻ ለይታችሁ አምስቱን ሰዎች መልሳችሁ ጥሩ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።